ያልዘመመው ፊት

ደብረ ብርሃን ውስጥ ፊት ማሳመር ከተባለ ዓብዱልጀሊል ነው። ፎቶ ቤቱ ከአውቶቡስ ተራው አለፍ ብሎ ያለች ጠባብ ክፍል ነበረች፤ ጠባብ ትሁን እንጂ የገባባት ሁሉ አምሮበት ይወጣል። ፈንጣጣ የበሳው ጉንጭ እሷ ጋ ሲደርስ ይለሰልሳል፣ ያበጠ ዓይን እብጠቱ ይጎድላል፣ የሞላለት ሰው ሆኖ መታየት የፈለገም የሰው ኮት ተውሶ ይነሳል። ዕድሜ ለእርሳሱና ለቀጭኗ ብሩሽ፣ ሪታች በሚሉት ፎቶ የማሳመር ሥራ የሚያክለው አልነበረም። የሙያው ሕግ ደግሞ አንዲት ናት፤ ፊት ጥርት ይበል። ሁለቱም ጆሮ ይታይ፣ ቅንድቡ ይቆጠር። ለቀበሌ መታወቂያ የተነሣ ጉርድ ፎቶ ደብዘዝ ካለ ይመለሳል፤ ያን ጊዜ የፎቶ ወረቀት እንደ ልብ አይገኝምና ተመላሽ ማለት ጉዳት ነው። ስለዚህ ዓብዱልጀሊል ዕድሜውን ሙሉ አንድም ፊት አደብዝዞ አያውቅም፤ አደብዝዝ ቢሉትም እንደ ስድብ ነበር የሚቆጥረው።

መሪጌታ ወልደአረጋይ የመጡበት በታኅሣሥ ብርድ ነው፤ ብሔራዊ ውትድርናው አገሩን ጎረምሳ ባሳጣበት ዘመን። መሪጌታ አንኮበር ላይ አቋቋም ሲያስተምሩ ያረጁ ሰው ናቸው። ደቀ መዛሙርቱ ሲያልፉ ይፈሯቸዋል፣ ካለፉም በኋላ ይፈሯቸዋል ይባል ነበር። ያን ዕለት ግን የሚፈራ ነገር አልነበራቸውም። ጋቢያቸውን እስከ አገጫቸው ተከናንበው በሩ ላይ ቆሙ፤ ግቡ እስኪባሉ ጠበቁ። ዓብዱልጀሊል ተነሥቶ ወንበር ሰጣቸው፣ ከመንገዱ ስለ ደከሙም ውኃ አቀረበላቸው። አባቱ አልዩ አምባ ጨው ሲነግዱ የመሪጌታን ቤት ያውቁ ነበርና እንደ ዘመድ ነው የሚያያቸው።

መሪጌታ ከጋቢያቸው ሥር አንድ ፎቶ አወጡ። ዓብዱልጀሊል ወዲያው አወቀው፤ የራሱ ሥራ ነው። ባለፈው ጥምቀት ንጋት ላይ አንኮበር ሄዶ ነበር ያነሣው። ሰማዩ ገና አልነጣም፣ ጉሙም አልለቀቀም፤ ቢሆንም ካሜራውን በሦስት እግሩ አቁሞ ሊቃውንቱ ተሰልፈው ሲዘምሩ አንስቷል። ከፊት መሬት ላይ የተቀመጠ ከበሮ አለ። ከከበሮው ኋላ ነጭ የለበሱ፣ ጥምጥም የጠመጠሙ፣ መቋሚያ የያዙ ሊቃውንት በረድፍ ቆመዋል። መሪጌታ መካከል ላይ ናቸው። በቀኛቸው ኃይለ ገብርኤል የሚባል ደቀ መዝሙራቸው፣ ከእሱ ቀጥሎ ባለመነጽሩ አለቃ ገብረመንፈስቅዱስ።

መሪጌታ ጣታቸውን ኃይለ ገብርኤል ላይ አደረጉና እዚህ ቦታ የዘርአ ዳዊትን ፊት አግባልኝ አሉ። ዘርአ ዳዊት ልጃቸው ነው። ኃይለ ገብርኤልን ጠይቀውት ፈቅዷል፤ ፈቅዷልም ብቻ ሳይሆን መጀመሪያም ቦታው የዘርአ ዳዊት ነበር ብሎ አልቅሷል። የዘርአ ዳዊትን ጉርድ ፎቶ ለመታወቂያ ያነሣው ራሱ ዓብዱልጀሊል ስለሆነ፣ ኔጋቲቩ ከሣጥኑ ውስጥ አለ። ሁለቱም ኔጋቲቭ እጁ ላይ ናቸው። የሰው ኮት ለሰው ሲያለብስ ለኖረ ሰው ይኼ ቀላል ነው፤ እሺ አለ። ለምን እንደሆነ ግን ሳይጠይቅ አላለፈም፤ መሪጌታም ነገሩን ከሥሩ ነገሩት።

ዝማሜ የሚባል አለ። ከበሮው መሬት ይቀመጣል፤ ሊቃውንቱ መቋሚያቸውን ይዘው ከዜማው ጋር ወደ አንድ ወገን ያዘነብላሉ፣ ዳር ሲደርሱ ለቅጽበት ያርፋሉ፣ ከዚያ ሁሉም እንደ አንድ ሰው ይመለሳሉ። ዘርአ ዳዊት ድምፁ ያማረ፣ ጠባዩ የሰከነ ልጅ ነበር፤ አንዲት ጉድለት ግን አለችው፣ ከዳር ሲመለስ ይዘገያል። ዜማው የሚጥመው ይመስል እዚያው ዳር ላይ ይቀራል። አባትየው ደጋግመው መከሩት። በጥምቀት ዋዜማ እንደ ልማዱ ሲዘገይ ግን ሊቃውንቱ፣ ካህናቱ፣ ሕዝቡ በተሰበሰበበት መሪጌታ መቋሚያቸውን አንሥተው፣ መመለስ እስክታውቅ ድረስ ከሰልፉ ውጣ አሉት። ልጁም ወጥቶ ከሴቶቹ አጠገብ ቆመ። በማግሥቱም ንጋት፣ ያ ፎቶ ሲነሣ፣ ከዳር ቆሞ ሲያይ ነበር።

ከአፍ የወጣ አፋፍ ይባል የለ። በየካቲት ልጁ ጨው ሊገዛ ደብረ ብርሃን ገበያ ሄዶ በውትድርናው አፈሳ ተያዘ። ክረምቱ ሳይወጣ መርዶው መጣ። አስከሬን የለ፣ መቃብር የለ፣ ሰሜን ጦር ግንባር ነው የወደቀው ተባለ፣ አበቃ።

እናቱ ወይዘሮ ወለተ ሥላሴ እስከ አርባው ቤታቸው ተቀመጡ። አርባው በወጣ ማግሥት ጓዛቸውን ጠቅልለው ደብረ ብርሃን፣ አልታየች ከምትባለው እህታቸው ቤት ገቡ። ሽማግሌ ተላከ። ወይዘሮዋ ለሽማግሌዎቹ የመለሱት አንድ ቃል ነው፤ ልጄን ከሰልፍ ያወጣው ሰው መልሶ ያስገባው፣ ያን ቀን ቤቱ እገባለሁ። ሽማግሌዎቹ ሐዘን ያናገራቸው ነገር ነው ብለው ራሳቸውን እየነቀነቁ ተመለሱ። መሪጌታ ግን ቃሉን እንዳለ ተቀበሉት። ሙት እንዴት ሰልፍ ይገባል ብለው ሲጨነቁ ከርመው፣ ግድግዳቸው ላይ ያንን ፎቶ አዩና መጡ።

“ቤቴ ባዶ ነው ልጄ” አሉ። “እኔም ከመርዶው ወዲህ ዜማ ከአፌ ወጥቶ አያውቅም። መጪው ጥምቀት እንዲህ እንዳለሁ ቢደርስብኝ መቆሜን እንጃ።”

ዓብዱልጀሊል ፎቶውን ተቀበላቸው። የራሱ ታናሽ ወንድም ዓወል ከአፈሳው ሸሽቶ ቆላ ወርዶ ነበርና፣ መርዶ መፍራት ሰውን በየሌሊቱ እንዴት እንደሚያባንን ያውቃል። ለዚህ ሥራ ዋጋ አልቀበልም ብሎ ማለና ጨለማ ክፍሉ ገባ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። መጀመሪያ የሰልፉን ኔጋቲቭ ምስል በሚያጎላው ማጉያ ላይ አድርጎ በፎቶ ወረቀቱ ላይ ያበራል። የኃይለ ገብርኤል ፊት የሚያርፍበትን ቦታ ብቻ በፊት ልክ በተቆረጠ ጥቁር ካርቶን ይከልላል፤ እዚያ ብርሃን ስላልደረሰ ወረቀቱ ባዶ ይቀራል። ቀጥሎ ኔጋቲቩን ይለውጥና የዘርአ ዳዊትን ፊት፣ ቀዳዳ ባለው ሌላ ጥቁር ካርቶን በኩል እዚያው ባዶ ቦታ ላይ ያበራል። ጥምጥሙ የኃይለ ገብርኤል፣ ፊቱ የዘርአ ዳዊት ይሆናል። ወረቀቱ ከማጠቢያ መድኃኒቱ ሲወጣ ዓብዱልጀሊል በቀይ መብራቱ አየው፤ ደስ አለው። መገጣጠሚያው አይታወቅም። ቅንድቡ ይቆጠራል፣ ከንፈሩ ሊናገር የደረሰ ይመስላል። ሙያ በልብ ነው አለና ለራሱ ፈገግ አለ።

መሪጌታም ሲያዩት ፎቶውን ሳሙት። በጋቢያቸው ጠቅልለው አልታየች ቤት ወሰዱት። በማግሥቱ ጠዋት ግን ፎቶውን ይዘው ተመልሰው መጡ፤ ፊታቸው ጠቁሯል።

“አየችው” አሉ ለዓብዱልጀሊል። “ከዚያ ምን አለች መሰለህ፣ ልጄማ ይኸው እንደ ቆመ ነው። እነሱ ይዘምማሉ፣ እሱ ቆሞ ያያቸዋል። ያን ቀንም እንዲሁ ነበር። የት አስገባኸው ታዲያ? አለች።”

ዓብዱልጀሊል ደሙ ፈላ። ወይ ጉድ፣ የእሱ ሥራ እንዲህ ሲባል! እንዲያ የጠራ ፊት በመላው ሸዋ ማን ያወጣል? ፎቶውን ነጥቆ ወደ መስኮቱ ሄደ፤ ስሕተት የለውም ሊል ነበር ሐሳቡ። ትክ ብሎ ሲያየው ግን ስሕተቱን ራሱ አገኘው።

ከበሮው ጥርት ብሏል፤ የጠፍሩ ጠጉር ሳይቀር ይታያል። ከከበሮው ኋላ ያሉት ሊቃውንት ግን አንዳቸውም ጥርት አላሉም። ያን ንጋት ብርሃኑ ስላነሰው የካሜራውን ዓይን እስከ መጨረሻው ከፍቶት ነበር፤ ዓይኑ እንዲያ ሲከፈት ያነጣጠሩበት ነገር ብቻ ይጠራል፣ ከእሱ የራቀውም የቀረበውም ይሟሟል። ያነጣጠረው ከበሮው ላይ ነውና ረድፉ በሙሉ ለስልሷል። በዚያ ላይ መዝጊያውን አዘግይቶት ነበር፤ መዝጊያው ክፍት ሳለ ሊቃውንቱ ከዝማሜው ሲመለሱ እያንዳንዱ ፊት ወደ ጎን ተስቧል። በዚህ ሁሉ መካከል የዘርአ ዳዊት ፊት እንደ ቀበሌ ማስታወቂያ የተለጠፈ ይመስላል። መገጣጠሚያው ባይታወቅ ምን ይሆናል፣ ፊቱ ራሱ ይናገራል። ዓብዱልጀሊል አፈረ። እናትየዋ ካሜራ ይዘው አያውቁም፤ ልጃቸው ከሰልፉ ጋር እንዳልተነቃነቀ ግን አይተዋል።

እንግዲህ ላደብዝዘው አለ፤ ሲለው እንኳን አፉ መረረው። ፎቶ ቤቶች ለሙሽሮች የሚያውቋት ዘዴ አለች፤ ስቶኪንግ የሚሉት የሴት ናይሎን ካልሲ የማጉያው ዓይን ላይ ይወጠራል፣ ፊት ይለሰልሳል። እሷን አደረገ። መሪጌታ ያወጣውን አዩና ጉም ለብሷል እንጂ አልዘመመም አሉት። እውነታቸውን ነው። ስቶኪንግ ሁሉንም ወደ ሁሉም ወገን እኩል ያፈሰዋል፤ ዝማሜ ግን የሚጎትተው ወደ አንድ ወገን ነው። ሌሎቹ ወዲህ ሲመለሱ ዘርአ ዳዊት ከሩቅ አገር በጭጋግ የሚያይ ሆኖ ቀረ።

ሦስተኛው ሙከራ ከዚህም ከፋ። ፊቱን እያበራ ወረቀቱን ወደ ጎን በእኩል ፍጥነት ሳበው። ፊቱ ተሳበ፤ ተሳበና ጠፋ። ዓይን የለ፣ አፍንጫ የለ፣ እንደ ተወለወለ ጥቁር ሰሌዳ ሆነ። ዓብዱልጀሊል ወረቀቱን ጣለውና ወጥቶ ደጃፉ ላይ ተቀመጠ። የተያዘበት ነገር ይኼ ነበር፤ ፊቱ ከታየ ልጁ ከሰልፉ ውጭ ነው፣ ሰልፉ ውስጥ ከገባ ደግሞ ፊቱ አይታይም። እናት የልጇን ፊት ሳታይ ገብቷል ብላ ታምናለች? ወረቀቱም እያለቀ ነው። የቀረውን ወረቀት ለቀበሌው ጉርድ ፎቶ ማዋል ነበረበት፤ የቀበሌው ሰው ሁለት ጊዜ መጥቶ ጠይቆታል። ይሉኝታ ባይዘው ኖሮ መሪጌታን ይቅርታ ጠይቆ ይሰናበታቸው ነበር።

መሪጌታ ግን አጉሊ መነጽሩን ይዘው ዋናው ፎቶ ላይ አቀርቅረው ነበር። ጠሩት። ከኃይለ ገብርኤል ቀጥሎ ያሉትን አለቃ ገብረመንፈስቅዱስን እይ አሉት። የአለቃ መነጽር የንጋቱን ብርሃን መልሶ አንጸባርቋል፤ ያቺ ብልጭታ ፎቶው ላይ ነጥብ ሆና አልቀረችም። አንድ ጫፏ እንደ ዶቃ ክብ ነው፣ ከዶቃው ደግሞ ቀጭን ጭራ ወጥቶ በትንሹ እየጎበጠ ወደ አንድ ወገን ይሄዳል።

“እዚህ ዶቃው ጋ አርፈናል” አሉ መሪጌታ። “ዳር ደርሰን ያረፍንባት ናት። ጭራው ስንመለስ ነው። አንተ ዕረፍቷን ትተህ መመለሱን ብቻ ሠራህ።”

ዓብዱልጀሊል አጉሊ መነጽሩን ተቀበለና ረጅም ጊዜ አየ። ከዚያ እሱም የበኩሉን አነበበ። የዶቃው ውፍረት ፊቶቹ ከከበሮው ስለራቁ ምን ያህል እንደለሰለሱ ይናገራል፤ አለቃም ኃይለ ገብርኤልም በአንድ ረድፍ ናቸውና ልኩ ለሁለቱም አንድ ነው። የጭራው ርዝመት መዝጊያው ሳይዘጋ ምን ያህል እንደተመለሱ ይናገራል። የዶቃው ድምቀት ከጭራው ሲነጻጸር ደግሞ ብርሃኑ አብዛኛውን ጊዜ ያገኛቸው ባረፉበት እንደሆነ ይናገራል። ለዚህ ነው የሌሎቹ ፊት ተስቦም ማንነቱ የሚለየው። ሰው በዕረፍቱ ፊቱን ይተዋል፣ ሲመለስ ጥላውን ይጎትታል። እናም ፊቱ ታይቶም ከሰልፉ ጋር ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ዓብዱልጀሊል አልሐምዱሊላህ አለ፤ መሪጌታም የአምላክ ስም በሰሙበት ልማድ ራሳቸውን ዝቅ አደረጉ።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ሥራው ተጀመረ። የፊቱን ልስላሴ በስቶኪንግ ሳይሆን የማጉያውን ዓይን ጥቂት ከትክክለኛው ቦታው በማንሣት አገኘው፤ የአለቃን ዶቃ አጠገቡ አድርጎ እስኪመሳሰል ድረስ ሞከረ። ለመመለሱ ደግሞ ወረቀቱን አንድ ጣውላ ላይ አጣበቀ፣ ጣውላውንም የኃይለ ገብርኤል እግር በሚያርፍበት ቦታ በአንድ ምስማር ጠረጴዛው ላይ ቸነከረው። ሰው ሲዘምም እግሩ ተክሎ ነው የሚያዘነብለው፤ ስለዚህ ጣውላው በምስማሩ ዙሪያ ሲዞር ፊቱ እንደ አለቃ ጭራ በትንሹ ጎብጦ ይሳባል። ወረቀቱ ወደ ግራ ሲሄድ ፊቱ ወደ ቀኝ እንደሚሳብ ዘንግቶ አንዴ ጭራውን በተቃራኒው አወጣው፤ ራሱን ሰደበና አስተካከለ።

ጫፉም ነገር ነበረው። የሚንቀሳቀስ ነገር ጫፉ ቁርጥ አይልም፤ ከኋላው ካለው ጋር ይቀላቀላል። ቀዳዳው ከወረቀቱ ጋር ቢሄድ ፊቱ ውስጥ ለውስጥ ተስቦ ጫፉ በምላጭ የተቆረጠ ይሆናል። ስለዚህ ባለቀዳዳውን ካርቶን ከማጉያው ጋር አሰረው፤ ወረቀቱ ሲዞር ፊቱም ጫፉም አብረው ይሳባሉ። አስቀድሞ የሚከልለውም ካርቶን በዚያው ምስማር፣ በዚያው ልክ፣ አርፎ መዞር ነበረበት። የሚከልለውና የሚያስገባው ካርቶን እኩል ካልዘመሙ፣ በመካከላቸው ወይ ነጭ ወይ ጥቁር ፍንጣቂ ይቀራል።

የቀረው ልክ ነበር። ምን ያህል ማረፍ፣ መቼ መመለስ፣ በምን ፍጥነት? በካሜራው ቅጽበት የነበረው እዚህ የማጉያው ብርሃን ደካማ ስለሆነ ተለጥጦ መሠራት አለበት። ዓብዱልጀሊል በልቡ ሊቆጥር ሞከረ፣ እጁ ግን ከቁጥሩ ይቀድማል ወይ ይቀራል። መሪጌታ በቀዩ መብራት ሥር ቆመው ሲያዩት ቆዩና መቋሚያቸውን ወደ ወለሉ አደረጉ። እኔ እመራሃለሁ አሉ። በዜማው ከዳር እስከ ዳር ለጥጬ እሄዳለሁ፤ ዕረፍቱ ላይ አትንካው፣ ስመለስ ተመለስ።

ከመርዶው ወዲህ ያልወጣ ድምፅ ነው። መጀመሪያ ሻከረ፣ ተሰበረ። ጉሮሯቸውን ጠርገው እንደገና ጀመሩ፤ ቃል የለውም፣ ዜማው ብቻ። ዓብዱልጀሊል በአንድ እጁ ጣውላውን፣ በሌላው የሚከልለውን ካርቶን ይዞ፣ እስላም ሆኖ የማኅሌት መሪ ይመራኛል ብሎ አስቦ አያውቅም ነበርና፣ ቢስሚላህ ብሎ ተከተላቸው። የመከለሉን ሥራ በዜማው ጨረሱ። ከዚያ ዓብዱልጀሊል ኔጋቲቩን ለወጠና መብራቱን አበራ።

የዘርአ ዳዊት ፊት ወረቀቱ ላይ ወረደ። ኔጋቲቭ ነውና ጥቁሩ ነጭ፣ ነጩ ጥቁር ሆኖ ነበር፤ ጠጉሩ ሽበት፣ የዓይኑ ብሌን ብርሃን። ያም ቢሆን ልጁ ነው። መሪጌታ ዕረፍቱ ላይ ደረሱና ድምፃቸውን እዚያው ያዙ። ያዙት፤ አልተመለሱም። ዓብዱልጀሊል ጣውላውን እንደያዘ ጠበቀ። ዕረፍቱ አለፈ፣ ልኩ አለፈ፣ ሽማግሌው ግን ዓይናቸውን ከፊቱ ላይ መንቀል አቃታቸው። በመጨረሻ ድምፃቸው ተንቀጥቅጦ ሲመለስ ዓብዱልጀሊልም ጣውላውን አዞረ።

ወረቀቱ ከመድኃኒቱ ሲወጣ ሁለቱም አዩት። ጫፉ ተቀላቅሏል፣ ጭራውም በወገኑ ነው፣ ልስላሴውም ልክ። ግን ዕረፍቱ ስለረዘመ ፊቱ ከሌሎቹ ሁሉ ጎልቶ፣ ጭራው ሳስቶ ነበር። ሌሎቹ እየተመለሱ ሳለ ዘርአ ዳዊት ገና ዳር ላይ ነው። ዘግይቷል።

መሪጌታ ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። ዓብዱልጀሊል ጥፋቱ የእኔ ነው ሊል ፈልጎ ነበር፤ ውሸት ሆነበትና ተወው። ሽማግሌው ሲያለቅሱ ድምፅ አልነበራቸውም። 

“ዳር ላይ ምን እንደሚይዘው ጠይቄው አላውቅም” አሉ። “ሁልጊዜ መመለሱን ነበር የምጠይቀው።”

እንባቸውን በጋቢያቸው ጠርገው ተነሡ። ይኼኛው አይጣል፣ ሌላ ደግሞ እንሥራ አሉ። በሁለተኛው ላይ ጀርባቸውን ለማጉያው ሰጥተው፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ነው የመሩት። ዕረፍቱ ልክ ነበር፣ መመለሱም ልክ። የወጣው ፎቶ ዓብዱልጀሊል በዘመኑ ከሠራው ሁሉ የበለጠ ነው፤ ነገር ግን ማንም አይቶ ይኼ ሥራ ነው አይለውም። ዘርአ ዳዊት ከአባቱ ጎን፣ ከአለቃ ገብረመንፈስቅዱስ ጋር እኩል ለስልሶ፣ እኩል ተስቦ ይዘምማል። ፊቱን የሚያገኘው ፈልጎ ነው።

ሁለቱ ፎቶዎች በገመዱ ላይ ሲደርቁ መሪጌታ የትኛውን ልውሰድ ብለው ጠየቁት። ዓብዱልጀሊል እንደ ባለሙያ ቢሆን ሁለተኛውን ነበር የሚለው። እንደ ሰው ሲያስብ ግን የሚያዩት እናቱ ናቸው፣ የልጃቸውን ፊት ይፈልጋሉ፤ የመጀመሪያውን ሊል ቃጣው። አልደፈረም። እናቱ ራሳቸው መጥተው ይዩት፣ እኔ ሄጄ ልጥራቸው አለ። መሪጌታ እንደ ልጅ ፈሩ፤ ፍርሃታቸውን አልሸሸጉትም። ዛሬ ደግሞ አልገባም ካለች ሌላ የማውቀው መንገድ የለኝም አሉት።

ወይዘሮ ወለተ ሥላሴ ከእህታቸው ጋር መጡ። ከላይ እስከ ታች ጥቁር ነው የለበሱት፤ ለባላቸው እንኳን እንደምን ዋሉ አላሉም። ዓብዱልጀሊል ሁለቱን ፎቶዎች መስኮቱ ሥር ባለው ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን አደረገላቸው። የትኛው ምን እንደሆነ ግን አልተናገረም፤ መሪጌታም በሩ አጠገብ ቆመው ቀሩ።

ወይዘሮዋ መጀመሪያ ያዩት የጎላውን ነው። ጣታቸውን ጉንጩ ላይ አኖሩ።  ከዚያ ወደ ሁለተኛው ዞሩ። ዓይናቸው ከረድፉ ጫፍ ጀመረ፤ አንዱን አለፈ፣ ሌላውን አለፈ፣ ባላቸው ጋ ደረሰ፣ ከዚያ ቆመ። 

“አገኘሁት” አሉ። “በዓል ቀን እንዲህ ነው፤ ማንም እናት ልጇን ከመካከላቸው ፈልጋ ነው የምታገኘው።”

ይህን ብለው ከመርዶው ወዲህ ባልታየ አኳኋን ፊታቸው ፈታ አለ፤ ደግሞ ወዲያው እንባቸው ወረደ። አልታየች ልትይዛቸው ብትል እንቢ አሉ። ሁለተኛውን ፎቶ አንሥተው ደረታቸው ላይ አደረጉ። የጎላውን ደግሞ ያዙና ወደ በሩ ሄዱ፣ መሪጌታ ፊት ቆሙ። ስንት ወር ሙሉ ፊት ለፊት አልተያዩም።

“ይኼ ከሰልፉ የዘገየው ለእርስዎ ይሁን” አሏቸው። “ዘግይቶ ነበር እንጂ ቀርቶ አልነበረም። ያን ቀን ትንሽ ቢጠብቁት ኖሮ ምን ነበረበት?”

“ምንም አልነበረበት” አሉ መሪጌታ። ፎቶውን በሁለት እጃቸው ተቀበሉ። “ዛሬ ጠብቄው ነበር፤ ዓብዱልጀሊል ምስክሬ ነው። መመለስ ያቃተኝ እኔ ነኝ።”

ዓብዱልጀሊል እውነት ነው ብሎ አንገቱን ደፋ፤ ምስክርነቱ ያ ብቻ ነው።  ውጭ የአንኮበር መኪና ረዳት ሞላ፣ ሞላ እያለ ይጣራል። ወይዘሮዋ ደረታቸው ላይ የያዙትን ፎቶ በነጠላቸው ጠቀለሉና የመሪጌታን የጋቢ ጫፍ አስተካከሉላቸው፤ ከትከሻቸው ወርዶ መሬት ይነካ ነበር።

“ጓዜ አልታየች ቤት ነው” አሉ። “ከባድ ነው፤ እርስዎ ይሸከሙታል።”